ዋጋ ካልቀነሱልን ምን እንደራደር?

አነስተኛ የልብስ ስፌት ቤት ያላችሁ በውስጥ መስመር የምትልኩልኝ ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «መርካቶ ያለው ጅምላ ነጋዴ ለእኛ ዋጋ አይቀንስም፣ ዱቤ ሲሰጥም ዋጋውን ይቆልላል። ትንሽ ስለሆንን የሚሰማን የለም። ምን እናድርግ?» ዛሬ ረዘም አድርጌ ልመልስላችሁ። የማወራው ስለ ጨርቅ ግዢ ነው፤ የምተዳደርበት ሥራ እሱ ስለሆነ።

ከመነሻው አንድ ነገር እንተማመን። 8 ጣቃ የሚገዛ ሰው 200 ጣቃ ከሚያነሳ ሰው ጋር እኩል ዋጋ አያገኝም። ነጋዴው ስለናቀን አይደለም። ከአስመጪው በገዛበት ዋጋ ላይ የሚያገኛት ትርፍ በሜትር ጥቂት ብር ናት፤ ለእኛ የሚቀንሰው ከዚያች ላይ ነው። እኛ ብንቀርበት ደግሞ ያን ጨርቅ ነገ ሌላ ሰው ይወስደዋል። ስለዚህ በሜትር ዋጋ ላይ ብዙ መከራከር ጉልበት በሌለን ቦታ መታገል ነው።

ነገር ግን ግዢ ማለት የሜትር ዋጋ ብቻ አይደለም። ገንዘቡ መቼ ይከፈላል? ጨርቁ በአንዴ ይነሳል ወይስ በሁለት ጊዜ? ጣቃው ውስጥ ያለው ስንት ሜትር ነው? ያልተቆረጠ ጣቃ ቢተርፍ ይመለሳል? ከእነዚህ መካከል ለነጋዴው ምንም የማያስወጡት፣ ለእኛ ግን ብዙ ብር የሚያድኑ አሉ። ድርድራችን መሆን ያለበት እዚያ ላይ ነው። በምሳሌ እንሂድ።

🔹 ትዕዛዙ

አንድ የግል ክሊኒክ 200 ነጭ ጋዋን አዘዘን እንበል። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አድርጌ ነው ያስቀመጥኳቸው፤ ቫትንም ነገሩ እንዳይወሳሰብ ትቼዋለሁ። እናንተ በራሳችሁ ዋጋ ተኩት።

ባለ 1 ሜትር ከ50 ስፋት ቴትሮን ሲሆን አንድ ባለረጅም እጅጌ ጋዋን 2 ሜትር ያህል ይወስዳል። ለ200 ጋዋን 400 ሜትር፣ ማለትም ባለ 50 ሜትር 8 ጣቃ ያስፈልገናል። ሜትሩ በእጅ በእጅ 250 ብር ከሆነ ጨርቁ 100,000 ብር ነው።

ለአንድ ጋዋን የጨርቁ 500፣ የቁልፍና የክር 40፣ የእጅ ዋጋ 130፣ የኪራይና የመብራት ድርሻ 50 ብር፤ ድምሩ 720 ይመጣል። በ850 ብር ከሸጥን በአንዱ 130፣ በጠቅላላው 26,000 ብር ይቀረናል። ክሊኒኩ 30 በመቶ ቅድሚያ ሊከፍል ተስማምቷል፤ ከጠቅላላው 170,000 ብር ላይ 51,000 ማለት ነው። በእጃችን 40,000 አለ። ስለዚህ 91,000 ብር ይዘን ነው ጨርቅ ልንገዛ የምንወጣው። የጨርቁን ዋጋ እንኳ አይሞላም፤ የሠራተኛውን ደግሞ ገና አላነሳነውም።

እዚህ ላይ ለብዙዎቻችን የሚመጣልን አንድ ሐሳብ ነው፦ ዱቤ መጠየቅ።

🔹 ዱቤው ስንት ነው የሚያስከፍለን?

ነጋዴው «በ30 ቀን ከሆነ 270» ይላል። 20 ብር ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን 20ን ለ250 ስናካፍል 8 በመቶ ነው፤ ያውም የአንድ ወር። ባንክ ወለዱን የሚነግረን በዓመት ስለሆነ ለማወዳደር በ12 ስናባዛው 96 በመቶ ይሆናል። በ400 ሜትር ሲሰላ 8,000 ብር ነው። ከ26,000 ትርፋችን ላይ ወደ አንድ ሦስተኛው ሊሄድ ነው።

ይህን የምለው ዱቤ ኃጢአት ነው ለማለት አይደለም። ነጋዴው እኛን አያውቀንም፣ መያዣ አልሰጠነውም፣ ቃላችንን ብናጥፍ ወራት ሊንገላታ ነው። 20 ብሯ የዚያ ስጋት ዋጋ ናት። ሌላ መንገድ ከሌለና ትዕዛዙ ከዱቤው በኋላም 18,000 የሚያተርፍ ከሆነ ልንወስደው እንችላለን። ግን የምንወስደው 8,000 ብር እየከፈልንበት መሆኑን አውቀን ይሁን። «ዱቤ ሰጠኝ» ብሎ እንደ ውለታ የሚያመሰግን ሰው ይህን ስሌት አልሠራም።

ስለዚህ ነጋዴ ዘንድ ስትሄዱ ሁለቱንም ዋጋ ጠይቁ፦ የእጅ በእጁንና የዱቤውን። ልዩነቱን ለእጅ በእጁ ዋጋ አካፍሉ። ያን ቁጥር ሳትይዙ «እሺ» አትበሉ።

🔹 ለነጋዴው ርካሽ፣ ለእኛ ውድ የሆነው ነገር

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ያለ ዱቤ ይህን ትዕዛዝ መሥራት ይቻላል። መንገዱ ቀብድ ነው።

አራቱን ጣቃ ዛሬ በእጅ በእጅ እንገዛለን፤ 50,000 ብር። የቀሩትን አራት ጣቃዎች ደግሞ 10,000 ብር ቀብድ ሰጥተን፣ በ20 ቀን ውስጥ ቀሪውን 40,000 ከፍለን በዚያው በ250 ብር ልናነሳቸው እናስይዛለን። ዛሬ የወጣው 60,000 ነው። በእጃችን 31,000 ይቀራል። የመጀመሪያዎቹን 100 ጋዋኖች ለመስፋት የእጅ ዋጋ፣ ቁልፍና ክር፣ ኪራይና መብራት 22,000 ይፈጃል። 9,000 ይተርፈናል።

4 ሰፊዎች በቀን ሁለት ሁለት ጋዋን ቢያወጡ 100ው በ13 ቀን ገደማ ያልቃል። ለክሊኒኩ እናስረክባለን፣ የዚያን ግማሽ ቀሪ ሒሳብ እንቀበላለን። ከ85,000 ብር ላይ 70 በመቶው 59,500 ነው። ከእሱ 40,000 ከፍለን ሁለተኛውን ጨርቅ እናነሳለን። የቀረውና የተረፈችው 9,000 ለሁለተኛው ዙር ሥራ ይበቃሉ። አንድም ብር ለዱቤ አልከፈልንም።

ነጋዴው ለምን እሺ ይላል? ጨርቁን ተበድረን አልወሰድንም፤ መጋዘኑ ውስጥ ነው ያለው። ብንቀር ቀብዱን ይይዛል፣ ጨርቁንም ለሌላ ይሸጣል። እኛ ዘንድ ግን ይህ ስምምነት 8,000 ብር አድኖልናል።

ንግግሩ ይህን ይመስላል፤ ከአንድ የጨርቅ ነጋዴ ጋር የተነጋገርነውን በአጭሩ ላስቀምጠው።

«ጋሼ፣ የዱቤውን ዋጋ ትቼዋለሁ። አራቱን አሁን በጥሬው ልውሰድ። ለአራቱ ቀብድ ላስይዝና በ20 ቀን ላንሳ።»

«ዋጋ ቢጨምርስ እህቴ? እኔ በአዲሱ ነው የምተካው።»

«ለዚያ ነው ቀብድ የማስይዘው። ብቀር ለእርስዎ ነው። ደግሞም ጨርቁ ከእርስዎ አይወጣም።»

«20 ቀን በዛ። 15።»

«15 ቀን አይበቃኝም፤ የመጀመሪያውን አስረክቤ ነው የምከፍልዎት። ቀብዱን ልጨምር፣ ቀኑን ይተዉልኝ።»

ልብ በሉ፤ በሜትር ዋጋው ላይ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ቀኑ ለምን እንዳስፈለገን ደግሞ በግልጽ ተናግረናል። ገንዘባችን ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ ነጋዴ ከማያውቅ ነጋዴ ይልቅ ቀን ለመስጠት ይደፍራል።

🔹 የቀብዱ ወረቀት

በቃል የተያዘ ቀብድ ዋጋው ሲንቀሳቀስ ይረሳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1885 ላይ ግልጽ ነገር አለው፦ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። 10,000 ቀብድ ሰጥተን ነጋዴው ጨርቁን ለሌላ ቢሸጠው 20,000 ሊመልስልን ይገባል ማለት ነው። ይህ ግን የሚሠራው ማስረጃ ሲኖረን ነው።

ወረቀቱ አንድ ገጽ አይሞላም። የጨርቁ ዓይነትና ስፋት፣ የጣቃው ብዛት፣ የሜትሩ ዋጋ፣ «ቀብድ» የሚለው ቃል ከነመጠኑ፣ የማንሻው የመጨረሻ ቀን፣ የሁለታችን ፊርማ። «ቅድሚያ ክፍያ» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ቀብድ ነው አይደለም የሚል ክርክር ይነሳል። ገንዘቡንም በባንክ አስተላልፉና ምክንያቱ ላይ «የጨርቅ ቀብድ» ብላችሁ ጻፉ።

ሌላ የማይረሳ ነገር አለ፤ ቀለም። ነጭ ነው ብላችሁ አትናቁት። በተለያየ ጊዜ የተመረተ ነጭ ጨርቅ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቢጫ ሊያዘነብል ይችላል። ጥቁር ሰማያዊና አረንጓዴ ላይማ ይብሳል። ከሁለት የተለያየ ምርት የተሰፋ የደንብ ልብስ ሠራተኞቹ ጎን ለጎን ሲቆሙ ያስታውቃል፤ ደንበኛውም ይመልሰዋል። ስለዚህ ቀብዱ «አራት ነጭ ጣቃ» ላይ ሳይሆን እነዚያው ዓይናችሁ ያያቸው አራት ጣቃዎች ላይ ይሁን። ጣቃዎቹ ላይ ያለውን የምርት ቁጥር ከወረቀቱ ላይ አስፍሩ። ቁጥር ከሌለው ከእያንዳንዱ ጫፍ የጣት ያህል ቁራጭ ወስዳችሁ፣ ከውጭ ብርሃን ላይ አስተያይታችሁ፣ ከወረቀቱ ጋር በስቴፕለር ምቱት። ሁለተኛውን ዙር ልታነሱ ስትሄዱ ያን ቁራጭ ይዛችሁ ሂዱ።

🔹 ሜትሩን መለካት ዋጋ ማስቀነስ ነው

ብዙ ተከራክረን ከ250 ወደ 245 አወረድነው እንበል። በ400 ሜትር 2,000 ብር አተረፍን። አሁን ደግሞ «50 ሜትር» የተባለው ጣቃ 49 ሆኖ ቢገኝስ? በ8 ጣቃ 8 ሜትር ጎደለ፤ በ250 ሲባዛ 2,000 ብር። የተከራከርንበት ሁሉ በዚያ በኩል ወጣ።

ስለዚህ ጥያቄያችሁ «ይቀንሱልኝ» ከመሆኑ በፊት «የሚከፈለው በልኬቱ ነው አይደል?» ይሁን። ለትክክለኛ ነጋዴ ይህ ምንም አያስወጣውም፤ እምቢ ለማለትም ያፍራል። ጣቃው እዚያው ካልተተረተረ፣ ቤት ወስዳችሁ ከመቁረጣችሁ በፊት ለክታችሁ የጎደለውን ከቀጣዩ ክፍያ እንድትቀንሱ ተስማሙ። ስፋቱንም ለኩ፤ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሳይሆን የሚቆረጠውን። 3 ሳንቲ ሜትር ስትጎድል ቆራጩ እጅጌውን ከአካሉ ጎን ማስገባት ያቅተዋል፤ ያኔ ለአንድ ጋዋን 2 ሜትር ያላችሁት ከዚያ ይበልጣል።

በዚያው ላይ ያልተቆረጠ ሙሉ ጣቃ በምን ያህል ቀን ውስጥ መመለስ ወይም መቀየር እንደሚቻል ጠይቁ። ለመደበኛ ነጭ ቴትሮን ብዙ ነጋዴ እሺ ይላል፤ ነገም ስለሚሸጠው። ብዙ ለማይሄድ ቀለም ግን አይሞክረውም፤ እሱን በልኩ ብቻ ግዙ።

🔹 መቼ ነው የምንሄደው?

ያው ነጋዴ በሁለት የተለያየ ቀን ሁለት የተለያየ ሰው ነው። ነሐሴ ላይ፣ የተማሪ ደንብ ልብስ ሲሰፋ፣ የካኪና የቴትሮን ነጋዴ ጋር ሄዶ ቀን ስጠኝ ማለት ከንቱ ድካም ነው፤ በር ላይ ሌላ ገዢ ቆሟል። ትምህርት ቤት ተከፍቶ ገበያው ሲቀዘቅዝ ግን መጋዘኑ ውስጥ የቀረው ጨርቅ የታሰረ ገንዘብ ነው። ያኔ ጥሬ ገንዘብ ይዞ የመጣ ትንሽ ገዢም ይደመጣል።

በሳምንቱ ውስጥም ልዩነት አለ። አብዛኛው ነጋዴ እቁብ አለው፤ ለአስመጪውም የሚከፍልበት ቀን አለው። ከዚያ ቀን በፊት የሚመጣ 50,000 ብር ለእሱ ከሌላው ቀን 50,000 ይበልጣል። ደንበኛ ስትሆኑ ይህን ቀን ማወቅ አይከብድም። የሜትር ዋጋ ላይ አንድ ሁለት ብር ለማስቀነስ የምትሞክሩ ከሆነ ያን ቀን ሞክሩ።

ቀብድ የማይሠራበትን ጊዜም ልንገራችሁ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ከውጭ የሚገባ ጨርቅ የሚሸጥ ሰው ዛሬ የሸጠውን ነገ በስንት እንደሚተካው በማያውቅበት ጊዜ ዋጋ ያዝልኝ ማለት ትልቅ ነገር መጠየቅ ነው። እንዲህ ባለ ወቅት 20 ቀን አትጠይቁ። ቀኑን አሳጥሩ፣ ቀብዱን ከፍ አድርጉ፣ ካልሆነም ለደንበኛችሁ የምትሰጡት የዋጋ ማቅረቢያ ላይ «ይህ ዋጋ የሚጸናው ለ5 ቀን ነው» ብላችሁ ጻፉ። ነጋዴው ዋጋ ሳይዝልን እኛ ለክሊኒኩ የአንድ ወር ዋጋ ከያዝን በመሐል የምንጨፈለቀው እኛ ነን።

🔹 ሁለት ወጥመዶች

የመጀመሪያው የወደፊት ቀን የተጻፈበት ቼክ ነው። «ዱቤ እሰጥሻለሁ፣ የወር ቼክ ጻፊልኝ» ይባላል። ቀኑ ስለተጻፈ እስከዚያ የማይመነዘር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። በንግድ ሕጋችን ቼክ ባንክ በቀረበበት ቀን የሚከፈል ሰነድ ነው፤ ላዩ ላይ ያለው ቀን ገና ቢሆንም ቀድሞ ከቀረበ ይከፈላል። በቂ ስንቅ ከሌለው ደግሞ ጉዳዩ ከዕዳነት አልፎ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 የሚያስጠይቅ ይሆናል፤ እስራት አለው። ክሊኒኩ ክፍያውን ስላዘገየብን እኛ ፖሊስ ጣቢያ ልንቆም እንችላለን ማለት ነው። ለዋስትና ወረቀት ከተፈለገ በምስክር የተፈረመ የዕዳ ሰነድ ስጡ፤ ቼክ ግን ገንዘቡ ሒሳባችሁ ውስጥ ሳይኖር አትጻፉ።

ሁለተኛው «ያለ ደረሰኝ ከሆነ 240» የሚለው ነው። ሕገወጥነቱ እንዳለ ሆኖ በስሌትም አያዋጣም። የሒሳብ መዝገብ ለሚይዝ ሰው ደረሰኝ የሌለው ወጪ ለግብር አይያዝለትም፤ ለጨርቁ ያወጣው 96,000 ብር እንደ ትርፍ ተቆጥሮ ግብር ይጠየቅበታል። ከዚያም በላይ ጣቃው ቢጎድል፣ ቀለሙ ቢለያይ፣ ከዚያ ሱቅ መግዛታችንን የምናሳይበት ነገር የለንም። ከላይ ያልኳችሁ ሁሉ የሚቆመው በወረቀት ላይ ነው፤ 10 ብሯ ያን ወረቀት ነው የምትገዛልን።

🔹 ከደንበኛው ጋር ያለው ድርድር

ከላይ የሠራሁትን ስሌት መለስ ብላችሁ እዩት። ሁለተኛውን ጨርቅ ያነሳነው በክሊኒኩ ገንዘብ ነው። ክሊኒኩ «100ውን ስታስረክቡ የቀሪውን ግማሽ እከፍላለሁ» ባይል ኖሮ ቀብዱም አይሠራም ነበር። ስለዚህ ከአቅራቢ የምንጠይቀው ቀን ከደንበኛ ባገኘነው ቀን ላይ ነው የሚለካው። መጀመሪያ ደንበኛው ዘንድ ሄዳችሁ ሁለቱን ነገር በጽሑፍ ያዙ፦ ቅድሚያ ክፍያና በሁለት ዙር ርክክብ። መርካቶ የሚኬደው ከዚያ በኋላ ነው።

ደንበኛው ቅድሚያ አልሰጥም፣ ሁሉንም ተረክቤ በ60 ቀን ነው የምከፍለው ካለስ? ጨርቁን በዱቤ ከወሰድን የነጋዴው 30 ቀን ሲያበቃ የክሊኒኩ ገንዘብ ገና አልመጣም። ነጋዴው ሌላ 30 ቀን በተመሳሳይ ጭማሪ ቢሰጠን እንኳ የዱቤው ወጪ 16,000 ይደርሳል፤ ከ26,000 የሚቀረን 10,000 ነው። ያም ክሊኒኩ አንድ ቀን ሳያዘገይ ሲከፍል ነው፤ የሠራተኛውን ደመወዝም ሁለት ወር ከኪሳችን ሸፍነን ነው። እንዲህ ላለ ትዕዛዝ ሁለት መልስ አለኝ። አንደኛው የዱቤውን 16,000 በ200 ጋዋን ላይ አካፍዬ በአንዱ 80 ብር ጨምሬ፣ «በእጅ በእጅና በቅድሚያ 850፣ በ60 ቀን 930» ብዬ ሁለቱንም ዋጋ በአንድ ወረቀት ማቅረብ ነው። ብዙ ደንበኛ ልዩነቱን በቁጥር ሲያየው ቅድሚያውን ይከፍላል። ያን ካልተቀበለ ሁለተኛው መልስ ትዕዛዙን አለመውሰድ ነው። መርካቶ ያለው ነጋዴ በየትኛውም ዋጋ ቢሸጥልን ይህን ጉድለት ሊሞላው አይችልም።

የእናንተ ትዕዛዝ በየትኛው ቁጥር ላይ እንደሚጨናነቅ አስተያየት ላይ ጻፉልኝ፤ የእጅ በእጁን ዋጋ፣ የዱቤውን ዋጋ፣ የያዛችሁትን ገንዘብና ደንበኛው የሚከፍልበትን ቀን አስቀምጡ። አብረን እንሠራዋለን።